አበልና ትርፍ ሰዓት ባለበት የወር ደመወዝ ላይ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ አሰላል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቃሊቲ እስከ ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ ባሉ ወርክሾፖችና አነስተኛ ፋብሪካዎች ደመወዝ የሚያዘጋጁ የሒሳብ ሠራተኞችና ደመወዙን የሚቀበሉ ሠራተኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ሁሉንም በአንድ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ ላይ እየተመለከትን እንመልሳቸዋለን። ሠራተኛው በቂሊንጦ አካባቢ በሚገኝ የብረታ ብረት ወርክሾፕ የሚሠራ፣ ከኮዬ ፈጬ የሚመላለስ የብየዳ ባለሙያ ነው እንበል። ዋና ደመወዙ 9,360 ብር፣ የትራንስፖርት አበሉ 1,500 ብር፣ የቤት አበሉ 1,000 ብር ሲሆን በወሩ ውስጥ 20 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ሠርቷል።

ግብሩና ጡረታው ከአንድ ደመወዝ የሚቆረጡ ከሆነ ለምን በተለያየ ገንዘብ ላይ ይሰላሉ?

ሁለቱ የመጡት ከሁለት የተለያዩ ሕጎች ስለሆነ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ የሚለው ሠራተኛው በመቀጠሩ ምክንያት የሚያገኘውን ሁሉ ነው፤ ደመወዝ፣ አበል፣ ትርፍ ሰዓትና ጉርሻ ሁሉም በውስጡ ይገባሉ፣ ከዚያም በሕጉና በመመሪያ ነፃ የተደረጉት ብቻ ተለይተው ይወጣሉ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ግን ደመወዝ የሚለው በመደበኛው የሥራ ሰዓት ለሚሠራው ሥራ የሚከፈለውን የወር ሙሉ ደመወዝ ነው። አበልም ሆነ ትርፍ ሰዓት በዚህ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ በአንድ የመክፈያ ዝርዝር መስመር ላይ ሁለት መሠረቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ጠባቡ የጡረታው ነው፣ ሰፊው የግብሩ ነው። በተግባር ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የመነጩት አንዱን መሠረት በሌላው ቦታ ከመጠቀም ነው እንጂ ማባዛት ካለመቻል አይደለም።

የትርፍ ሰዓቱ የአንድ ሰዓት ዋጋ ከየት ይመጣል? ደመወዙን ለ30 ቀን ማካፈል አይቻልም?

ለ30 ማካፈል ሠራተኛውን ይጎዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በ52 ሳምንት 2,496 ሰዓት ይሠራል፤ ይህ ለ12 ወር ሲካፈል በትክክል 208 ሰዓት ይሆናል። ብዙ ቢሮዎች 26 ቀን በ8 ሰዓት አባዝተው የሚደርሱበት ቁጥርም ይኸው ነው። የምሳሌአችን ሠራተኛ 9,360 ብር ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ዋጋው 45 ብር ይሆናል።

ለ240፣ ማለትም ለ30 ቀን በ8 ሰዓት ቢካፈል ግን 39 ብር ብቻ ይወጣል። የእሑድ የዕረፍት ቀናት እንደ ሥራ ቀን ስለተቆጠሩ በየሰዓቱ 6 ብር ይጠፋል፣ ይህም ገና በትርፍ ሰዓት መጠኑ ሳይባዛ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ወይም ጭራሽ የማይሠራ ድርጅት ደግሞ የራሱን ሳምንታዊ ሰዓት በ52 አባዝቶ ለ12 ያካፍል፤ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው አካፋዩ 173.33 ነው።

የሰዓቱ ዋጋ የሚወጣው ከዋናው ደመወዝ ነው። የትራንስፖርትና የቤት አበሉን ደምረው የሚያካፍሉ ድርጅቶች አሉ፤ በኅብረት ስምምነት የተስማሙበት ከሆነ ለሠራተኛው የተሻለ ስለሆነ የሚከለክላቸው የለም።

በየትኛው ሰዓት ስንት እጥፍ ይከፈላል?

በመደበኛ የሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራው በ1.75፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን የተሠራው በ2፣ በሕዝብ በዓል የተሠራው ትርፍ ሰዓት ደግሞ በ2.5 ይባዛል። ከ2011 በፊት በነበረው ሕግ የቀኑ 1.25፣ የማታው 1.5 ስለነበር የድሮ ፋይል ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ሲሄድ እነዚህ ቁጥሮች ዛሬም አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ።

እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን የሚፈጥረው ስህተት አለ። የጣት አሻራ ማሽኑ የሚያትመው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ ፎርማኑ በእጁ የሚጽፈው ማስታወሻ በእኛ ነው። ሠራተኛው "ከ2 እስከ 6 ሠራሁ" ካለ ማሽኑ `20:00` እና `00:00` ያሳያል፤ መለያው መስመር የምሽቱ 4 ሰዓት፣ ማለትም `22:00` ስለሆነ ሁለቱ ሰዓት በ1.5፣ ሁለቱ ሰዓት በ1.75 ይባዛሉ። አራቱንም በአንድ መጠን ማባዛት ወይ ሠራተኛውን ወይ ድርጅቱን ይጎዳል።

የኛ ባለሙያ ሁለት ቀን እንዲህ ከምሽቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ሠርቷል፣ ሦስት ቀን ደግሞ ከሥራ በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ቆይቷል፣ ሁለት እሑድ ሦስት ሦስት ሰዓት ሠርቷል። ስለዚህ በ1.5 የሚባዛው 10 ሰዓት፣ በ1.75 የሚባዛው 4 ሰዓት፣ በ2 የሚባዛው 6 ሰዓት ነው። 10 ሰዓቱ 675 ብር፣ 4 ሰዓቱ 315 ብር፣ 6 ሰዓቱ 540 ብር ያስገኛሉ፤ በድምሩ 1,530 ብር። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ ስለሌለበት እነዚህ ቀናት በአንድ ሳምንት እንዳልታጨቁም ከመዝገቡ መታየት አለበት።

የመደበኛ የማታ ፈረቃስ?

ተራው ስለደረሰ በማታ ፈረቃ 8 ሰዓቱን የሠራ ሰው መደበኛ ሥራውን ነው የሠራው፤ ሌሊት ስለሆነ ብቻ ትርፍ ሰዓት አይሆንም። ድርጅቱ የፈረቃ አበል የሚሰጥ ከሆነ ግን አበሉ ግብር ይከፈልበታል።

የትራንስፖርት አበል ከግብር ነፃ ነው ወይስ አይደለም?

የጥያቄው አቀራረብ ራሱ ስህተት ውስጥ ይከታል፤ አበሉ ሙሉ በሙሉ ነፃ ወይም ሙሉ በሙሉ ግብር የሚከፈልበት እየመሰለ ሰው በሁለት ጎራ ይከራከራል። የትራንስፖርት አበል ነፃ የሚሆነው በገንዘብ ሚኒስቴር መመሪያ በተወሰነው ጣሪያ ልክ ነው፤ ከጣሪያው የተረፈው ከደመወዙ ጋር ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል። ጣሪያው በመመሪያ የሚወሰን በመሆኑ አዋጁ ሳይለወጥ እሱ ብቻ ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ በኤክሴሉ ውስጥ በየመስመሩ ቀመር ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ ብቻውን በአንድ ሴል አስቀምጦ ቀመሩ ወደዚያ እንዲያመለክት ማድረግ ይሻላል።

ለምሳሌአችን ጣሪያውን 600 ብር አድርገን እንያዝ፤ የእናንተ ሠራተኞች በሚመደቡበት የአበል ዓይነት ላይ የሚሠራው ጣሪያ የተለየ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ተኩት፣ አካሄዱ አይለወጥም። ከ1,500 ብር ውስጥ 600 ብሩ ነፃ ነው፣ 900 ብሩ ግብር ይከፈልበታል።

የቤት አበሉ እንዲህ ዓይነት ጣሪያ የለውም፤ 1,000 ብሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ግብሩ መሠረት ይገባል። በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ የምሳ አበልም እንዲሁ ነው። በማኑፋክቸሪንግ ሥራ ላይ የተሰማራ ድርጅት ለሠራተኞቹ በነፃ የሚያቀርበው ምግብ ከግብር ነፃ ሆኖ ሳለ ያው ድርጅት ምሳውን ትቶ ገንዘቡን በደመወዝ ላይ ቢጨምር ግብር ይከፈልበታል። "ምሳችን ወደ ብር ተቀይሮ ለምን አነሰ?" የሚለው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው።

ታዲያ የዚህ ሠራተኛ ግብር ስንት ነው?

ግብር የሚከፈልበት ገቢው ዋናው ደመወዝ 9,360፣ ትርፍ ሰዓቱ 1,530፣ የቤት አበሉ 1,000 እና ከትራንስፖርት የተረፈው 900 ብር ተደምሮ 12,790 ብር ነው። በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሚሠራበት ሠንጠረዥ ይህ ነው፦

| የወር ገቢ በብር | መጠን | ተቀናሽ |
|---|---|---|
| እስከ 2,000 | 0% | 0 |
| 2,001–4,000 | 15% | 300 |
| 4,001–7,000 | 20% | 500 |
| 7,001–10,000 | 25% | 850 |
| 10,001–14,000 | 30% | 1,350 |
| ከ14,000 በላይ | 35% | 2,050 |

12,790 ብር በ30 በመቶው እርከን ውስጥ ነው። 12,790 በ30 በመቶ ሲባዛ 3,837 ይሆናል፣ ከዚያ 1,350 ሲቀነስ ግብሩ 2,487 ብር ነው። በእርከን በእርከን ብትሠሩትም እዚያው ትደርሳላችሁ፤ የመጀመሪያው 2,000 ብር ምንም አይከፍልም፣ ቀጣዩ 2,000 ብር 300፣ ቀጣዩ 3,000 ብር 600፣ ቀጣዩ 3,000 ብር 750፣ የቀረው 2,790 ብር 837 ይከፍላል።

"ተቀናሽ" የሚለው ዓምድ ለሠራተኛው የተደረገ ቅናሽ የሚመስላቸው አሉ። ቁጥሩ የሒሳብ ማቅለያ ነው፤ ሙሉውን ገቢ በከፍተኛው መጠን ካባዛን በኋላ በታችኞቹ እርከኖች ያለአግባብ የተጨመረውን ይመልሳል። ለዚህም ነው 850 የሆነው ከ500 ላይ 7,000 ብር በ5 በመቶ፣ ማለትም 350 ተጨምሮበት የሆነው። ሠንጠረዡ በቃል ከጠፋባችሁ በዚህ መንገድ ራሳችሁ ልትገነቡት ትችላላችሁ።

ጡረታውስ? በእጁ የሚገባውስ?

ጡረታው በ9,360 ብር ብቻ ይሰላል። የሠራተኛው 7 በመቶ 655.20 ብር፣ የአሠሪው 11 በመቶ 1,029.60 ብር ነው፤ በድምሩ ለጡረታ ፈንዱ የሚገባው 1,684.80 ብር ይሆናል። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ አይቆረጥም፣ የድርጅቱ ወጪ ነው። በየሕንፃ ሥራው ላይ "18 በመቶ ከደመወዝህ እንቆርጣለን" የሚል አሠሪ ካጋጠማችሁ የራሱን ግዴታ ነው በሠራተኛው ላይ የጫነው።

ጠቅላላ ክፍያው 9,360፣ 1,500፣ 1,000 እና 1,530 ተደምሮ 13,390 ብር ነው። ከዚህ ላይ ግብሩ 2,487 እና ጡረታው 655.20 ሲቀነስ በእጁ የሚገባው 10,247.80 ብር ይሆናል። ድርጅቱ ለዚህ ሠራተኛ በወሩ ያወጣው ግን የራሱን መዋጮ ጨምሮ 14,419.60 ብር ነው።

1,530 ብር ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ደመወዜ የጨመረው 1,071 ብር ብቻ ነው። የቀረው የት ገባ?

ይህን ጥያቄ የሚያመጣው ሠራተኛው የደመወዝ ወረቀቱን በሁለት ወር አስተያይቶ ነው፣ አስተውሎቱም ትክክል ነው። ትርፍ ሰዓት ባልሠራበት ወር ግብር የሚከፈልበት ገቢው 11,260 ብር፣ ግብሩ 2,028 ብር ይሆን ነበር። ትርፍ ሰዓቱ ሲጨመር ግብሩ 2,487 ሆነ፤ ልዩነቱ 459 ብር ነው፣ ይህም የ1,530 ብር 30 በመቶ ነው። ትርፍ ሰዓት ለብቻው ልዩ የግብር መጠን የለውም፤ በደመወዙ ላይ ስለሚጫን የሚያርፈው ሠራተኛው ቀድሞ በደረሰበት የመጨረሻው እርከን ላይ ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው ረዳት ያንኑ 1,530 ብር ቢያገኝ የሚቆረጥበት ያነሰ ይሆናል።

ጡረታው ግን አልተነካም። በትርፍ ሰዓት ወርም በሌላውም ወር 655.20 ብር ነው። የጡረታ ተቀናሻችሁ ትርፍ ሰዓት በሠራችሁበት ወር ከፍ፣ ባልሠራችሁበት ወር ዝቅ የሚል ከሆነ የሚያሰላው ሰው ወይም ፋይሉ ስህተት ላይ ነው።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት በቃሊቲ በኩል በሚገኝ አንድ ወርክሾፕ አዲስ የአበል ዓምድ በዋናው ደመወዝና በሚቀጥለው መካከል አስገባሁ፤ የጡረታው ቀመር ዓምዶቹን በድምር የሚወስድ ስለነበር አዲሱን አበል ሳይነግረኝ ዋጠው። ሁለት ወር አላወቅሁትም። ያሳወቀኝ አንድ ሽማግሌ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው "ልጄ፣ ደመወዜ አልጨመረ፣ ጡረታዬ ለምን ጨመረ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የቆረጥኩትን ትርፍ በሚቀጥለው ወር መለስኩ፣ የድርጅቱን ድርሻ ማስተካከል ግን ከዚያ ይልቅ ረዥም ጊዜ ወሰደ።

በምሳሌአችን ሠራተኛ ላይ ይህ ስህተት በጠቅላላው 13,390 ብር ላይ ቢፈጸም ሠራተኛው 282.10፣ ድርጅቱ 443.30 ብር በየወሩ ያለአግባብ ይከፍላሉ።

መጀመሪያ 7 በመቶውን ቆርጬ በቀረው ላይ ግብር ላስላ?

አይቻልም። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ከግብሩ በፊት አይቀነስም፤ ሁለቱም ተቀናሾች የሚሠሩት በየራሳቸው መሠረት ላይ ነው፣ አንዱ ሌላውን አያሳንስም። ጡረታው አስቀድሞ ቢቀነስ መሠረቱ 12,134.80፣ ግብሩ 2,290.44 ብር ይሆንና 196.56 ብር ሳይከፈል ይቀራል። ለሠራተኛው ጥቅም ይመስላል፤ ነገር ግን ቆርጦ የማስገባት ግዴታ ያለበት አሠሪው ስለሆነ በኦዲት ሲገኝ ገንዘቡ የሚጠየቀው ከድርጅቱ ነው፣ መቀጫና ወለድም ይከተለዋል። ከሌሎች አገሮች የመጡ ዝግጁ የደመወዝ ፕሮግራሞች ጡረታን አስቀድመው እንዲቀንሱ ተደርገው ስለሚመጡ አንዱን ገዝታችሁ ከጫናችሁ መጀመሪያ የምትመለከቱት ይህን ይሁን።

ደመወዜ ከ10,000 ትንሽ ቢያልፍ ወደ 30 በመቶ ገብቼ እከስራለሁ?

አትከስሩም። 10,000 ብር ግብር የሚከፈልበት ሰው 1,650 ብር ይከፍላል፣ 8,350 ይቀረዋል። 10,100 ብር የሆነው 1,680 ይከፍላል፣ 8,420 ይቀረዋል። በ30 በመቶ የሚከፍለው ከ10,000 በላይ ያለው 100 ብር ብቻ ነው።

ትርፍ ሰዓትን ለብቻው በሌላ ዝርዝር ብንከፍልስ?

መክፈል ይቻላል፣ ማስላት ግን አይቻልም። ደመወዝ በወሩ መጨረሻ፣ ትርፍ ሰዓት ደግሞ የፎርማኑ ማስታወሻ ተሰብስቦ ሲያልቅ በወሩ አጋማሽ የሚከፍሉ ብዙ ድርጅቶች አሉ። ችግሩ ሁለተኛው ዝርዝር ከዜሮ ሲጀምር ነው፤ 1,530 ብር ብቻውን ሲታይ ከ2,000 በታች ስለሆነ ቀመሩ ዜሮ ግብር ያወጣለታል። ሠራተኛው የነፃውን እርከን በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ተጠቀመ ማለት ነው፣ ከእሱ ብቻ 459 ብር ግብር ይጎድላል። ሁለተኛውን ክፍያ ለብቻው መክፈል ካስፈለገ የወሩ ገቢ ተደምሮ ግብሩ ይሰላ፣ ከዚያ በመጀመሪያው ዝርዝር የተቆረጠው 2,028 ይቀነስ፤ የሚቀረው 459 በሁለተኛው ይቆረጥ።

ቀመሩን በኤክሴል እንዴት ልጻፈው?

ብዙ ሰው ስድስት `IF` እርስ በርስ አስገብቶ ይጽፋል፤ አንዱ ቅንፍ ሲስት ግን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እርከኖቹ እየጨመሩ ብቻ የሚሄዱ ስለሆኑ ትክክለኛው ግብር ሁልጊዜ ከአምስቱ ውጤቶችና ከዜሮ ትልቁ ነው። በ12,790 ላይ 25 በመቶው 2,347.50፣ 35 በመቶው 2,426.50፣ 30 በመቶው 2,487 ይሰጣል፤ ትልቁ ትክክለኛው ነው። ስለዚህ `MAX` ብቻ ይበቃል።

ዋና ደመወዝ በ`B`፣ ትራንስፖርት በ`C`፣ የቤት አበል በ`D`፣ ትርፍ ሰዓት በ`E`፣ የትራንስፖርቱ ጣሪያ በ`L1` ከሆነ፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ በ`F`፣ ግብር በ`G`፣ የሠራተኛው ጡረታ በ`H`፣ የአሠሪው በ`I`፣ የተጣራው በ`J` እንዲህ ይሆናሉ፦

```
F2: =B2+D2+E2+MAX(0,C2-$L$1)
G2: =ROUND(MAX(0,F2*15%-300,F2*20%-500,F2*25%-850,F2*30%-1350,F2*35%-2050),2)
H2: =ROUND(B2*7%,2)
I2: =ROUND(B2*11%,2)
J2: =B2+C2+D2+E2-G2-H2
```

በ`F2` ውስጥ `MAX(0,...)` የገባው ከጣሪያው ያነሰ አበል የሚያገኝ ሠራተኛ ልዩነቱ አሉታዊ ሆኖ ከደመወዙ ላይ እንዳይቀንስ ነው። በ`H2` እና በ`I2` ውስጥ ከ`B` ሌላ ዓምድ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ፋይሉ የድሮውን ሠንጠረዥ እየተጠቀመ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

በቀመሩ ውስጥ 60፣ 142.5፣ 302.5፣ 565፣ 955 ወይም 1500 የሚል ቁጥር ካያችሁ ከሐምሌ 2017 በፊት የነበረው ሠንጠረዥ ነው። በዚያ ቢሰላ የኛ ሠራተኛ 2,976.50 ብር ይቆረጥበት ነበር፤ በየወሩ 489.50 ብር ብልጫ ማለት ነው። ቀመሩ ተቆልፎ ወይም ፕሮግራሙ ውስጥ ተሸሽጎ ማየት ካልቻላችሁ የአንድ ፈተና ሠራተኛ መስመር ክፈቱና ግብር የሚከፈልበት ገቢውን በየተራ 2,000፣ 4,000፣ 7,000፣ 10,000 እና 14,000 አድርጉት። በትክክለኛው ሠንጠረዥ የሚወጡት 0፣ 300፣ 900፣ 1,650 እና 2,850 ብር ናቸው፤ አንዱ እንኳ ከተዛባ ፋይሉን አትላኩ።

ዝርዝሩን ከማስገባቴ በፊት በመጨረሻ ምን ልፈትሽ?

ሁለት ድምሮችን። የሠራተኞች ጡረታ ዓምድ ድምር ለዋና ደመወዝ ድምር ሲካፈል 7 በመቶ፣ የአሠሪው 11 በመቶ መሆን አለበት፤ ከሳንቲም ማጠጋጋት የዘለለ ልዩነት ካለ አበል ወይም ትርፍ ሰዓት ሾልኮ ገብቷል፣ ወይም የአንድ ሠራተኛ መስመር ሳይሰላ ቀርቷል። በሕግ በጡረታው የማይሸፈን ሠራተኛ፣ ለምሳሌ የውጭ ዜጋ ባለሙያ፣ ካላችሁ የእሱን ደመወዝ ከድምሩ አውጥታችሁ አካፍሉ።

ሁለተኛው፣ ጠቅላላ ክፍያው ላይ ግብር የሚከፈልበትን ገቢ ድምር ስትቀንሱ የሚቀረው ነፃ የተደረገው የትራንስፖርት አበል ድምር ብቻ መሆን አለበት። በኛ ሠራተኛ ከ13,390 ላይ 12,790 ሲቀነስ የሚቀረው 600 ብር ነው። 30 ሠራተኞች ሁሉም ከጣሪያው በላይ ትራንስፖርት የሚያገኙ ከሆነ ልዩነቱ 18,000 ብር ይሆናል፤ 19,530 ሆኖ ካገኛችሁት የአንዱ ሰው ትርፍ ሰዓት 1,530 ብር ግብሩ ሳይነካው አልፏል፣ ወደ `E` ዓምድ ተመለሱ።